የደጋ ደን ለምን ይመነጠራል? የሦስተኛ ዓመት ሊትሬቸር ሪቪው ስለማዋቀር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሊትሬቸር ሪቪው የሚጽፉ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ናቸው። ርዕሱ በትሮፒካል ደጋማ አካባቢዎች ደን እንዲመነጠር የሚያደርጉ ምክንያቶች ነው። እዚህ መልሶቼን ሰብስቤያለሁ። ምሳሌዎቼን የወሰድኩት ከኢትዮጵያ ደጋዎች፣ በተለይ ከጎጃምና ከደቡብ ምዕራብ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ይህን ለምን እንዳልኩ ወደ ታች ስትወርዱ ታገኙታላችሁ።

ርዕሱ ሰፊ ነው። በምን ላጥብበው?

በቦታና በዘመን አጥብቡት። ትሮፒካል ደጋ ሲባል የአንዲስ ተራሮችም፣ ኒው ጊኒም፣ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋዎችም ይገቡበታል። አሥር ወይም አሥራ ሁለት ገጽ ላይ ሁሉንም ልያዝ ካላችሁ ስለ አንዱም ቁም ነገር ሳትናገሩ ወረቀቱ ያልቃል። አንድ አካባቢ ምረጡ። ከዚያ ደጋ የምትሉት ከስንት ሜትር በላይ ያለውን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። በኢትዮጵያ ጽሑፎች ብዙ ጊዜ ከባሕር ወለል በላይ ከ1500 ሜትር ይጀመራል፤ ይህም ወይና ደጋውን ይጨምራል።

ዘመኑን ስትመርጡ አንድ ነገር አስተውሉ። የሰሜን ምዕራብ ደጋ ጥናቶች ብዙዎቹ ከ1957 ይነሳሉ፤ የደቡብ ምዕራቦቹ ደግሞ ከ1973። በእነዚህ ዓመታት ደኑ ላይ የተለየ ነገር ስለደረሰ አይደለም። በ1957 የተነሱ የአየር ፎቶግራፎች ስላሉ ነው። የመጀመሪያዋ ላንድሳት ሳተላይት የመጠቀችው ደግሞ በ1972 ነው። መነሻ ዓመቱን የመረጠው ካሜራው እንጂ ደኑ አይደለም። ከዚያ በፊት የተመነጠረው ሁሉ በጥናቱ ውስጥ የለም። ይህን በመግቢያችሁ ላይ ካላችሁ፣ ከብዙ ተማሪ የተሻለ ጅምር አላችሁ።

ስፈልግ ብዙ አርቲክል አላገኘሁም። ምን ላድርግ?

አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የፍለጋው ቃል ነው። ከታች በዝርዝር የማነሳቸው ሁለት የጎጃም ጥናቶች በርዕሳቸው ላይ የደን ጭፍጨፋ የሚል ቃል የላቸውም። ስለ መሬት ሽፋንና ስለ መሬት አጠቃቀም ለውጥ ነው የሚሉት። በዚህ ዘርፍ ይህ የተለመደ ነው። ስለዚህ እንዲህ ፈልጉ፦

```
("land cover" OR "land use change" OR deforestation)
AND (highland OR watershed OR catchment) AND Ethiopia
```

ከሃያ እስከ ሃያ አምስት ጽሑፍ አግኝታችሁ አሥራ አምስቱን በደንብ ብታነቡ ለዚህ ደረጃ ይበቃል።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው የስም ነው። አንዱ ጽሑፍ «በውቀት» ብሎ የጠቀሰው ሰው፣ ሌላው ጽሑፍ ላይ «ወልደአምላክ» ተብሎ ይመጣል። አንድ ሰው ነው። ተማሪዎች ሁለት ተመራማሪዎች አድርገው ሲቆጥሩት፣ አልፎም «ሁለቱ ይስማማሉ» ብለው ሲጽፉ አይቻለሁ። ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። የገጠር መሬትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 በእኛ አቆጣጠር 1967 ነው፤ በእንግሊዝኛ ጽሑፎች 1975። ሁለቱን ቀላቅላችሁ ብትጽፉ፣ ደኑ ከአዋጁ በኋላ ተመነጠረ ልትሉ ፈልጋችሁ ሳታውቁት ስምንት ዓመት ትስታላችሁ።

ክፍሎቹን በጸሐፊ ልከፋፍል፣ በዘመን ወይስ በምክንያት?

በጸሐፊ አትከፋፍሉ። «እከሌ በዚህ ዓመት እንዲህ አለ፣ እከሊት ደግሞ እንዲህ አለች» እያለ የሚሄድ ወረቀት የንባብ ማስታወሻ ነው። በዘመን መከፋፈልም ለዚህ ርዕስ ብዙም አይረዳም፤ ምክንያቶቹ ከአንዱ ዘመን ወደ ሌላው ስለሚሻገሩ።

በምክንያት ክፈሉ። ግን ምክንያት ስትሉ ሁለት ዓይነት ነገር እንዳለ ለዩ። ይህን ልዩነት በግልጽ ያስቀመጡት ጌይስትና ላምቢን በ2002 ባወጡት ጽሑፍ ነው። ከትሮፒካል አገሮች የተሰበሰቡ 152 የአካባቢ ጥናቶችን አነጻጽረዋል። አንደኛው ዓይነት ቀጥተኛ ምክንያት ነው፤ መሬቱ ላይ የሚታየው ድርጊት። የእርሻ መስፋፋት፣ እንጨት መቁረጥ፣ የመንገድና የሰፈር መስፋፋት እዚህ ይገባሉ። ሁለተኛው ከጀርባ ሆኖ የሚገፋው ነው። የሕዝብ ሁኔታ፣ ኢኮኖሚ፣ ቴክኖሎጂ፣ ፖሊሲና ተቋም፣ ባህል።

ልዩነቱን በምሳሌ ላሳይ። አንድ ገበሬ መጥረቢያ አንስቶ ዛፉን ቆርጦ ጤፍ ዘራ። የእርሻ መስፋፋት ቀጥተኛው ምክንያት ነው። ለምን እዚያ ሊዘራ ሄደ? የአባቱ መሬት ለወንድማማቾች ተከፋፍሎ አልበቃው ብሎ ይሆናል። ከሌላ ክልል በሰፈራ መጥቶ ይሆናል። ወይም ደኑ የመንግሥት ስለሆነ «እኔ ባልቆርጠው ሌላው ይቆርጠዋል» ብሎ ይሆናል። ድርጊቱ አንድ ነው፣ ገፊዎቹ ግን ሦስት የተለያዩ ታሪኮች ናቸው። መፍትሔያቸውም ይለያያል።

በጌይስትና ላምቢን ንጽጽር የእርሻ መስፋፋት ከ100 ጥናት በ96ቱ ታይቷል። ስለዚህ «ዋናው ምክንያት እርሻ ነው» ብሎ መጨረስ ምንም አዲስ ነገር አይናገርም። ጥያቄው እርሻውን የገፋው ምንድን ነው የሚለው ነው። የወረቀታችሁ ትልቁ ክፍል መሆን ያለበትም ይኸው ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ከ152ቱ ጥናቶች ከአፍሪካ የመጡት 19 ብቻ ናቸው። ከእስያ 55፣ ከላቲን አሜሪካ 78 ናቸው። መከፋፈያውን ውሰዱ፤ መቶኛዎቹን ግን እንዳለ ወደ ባሌ ወይም ወደ ከፋ አትገልብጡ።

እያነበብኩ ማስታወሻዬን እንዴት ልያዝ?

በሰንጠረዥ። ለእያንዳንዱ ጥናት አንድ ረድፍ ይኑረው። ዓምዶቹ እነዚህ ይሁኑ፦ ቦታና ከፍታ፣ መነሻና መድረሻ ዓመት፣ ደን የሚለውን ቃል እንዴት እንደተረጎመው፣ መረጃው ከምን እንደመጣ፣ የጠቀሰው ቀጥተኛ ምክንያት፣ የጠቀሰው ገፊ ምክንያት። በመጨረሻ አንድ ዓምድ ጨምሩ፦ ምክንያቱን አሳይቷል ወይስ ገምቷል?

ይህ የመጨረሻው ዓምድ የሪቪው ልብ ነው። ብዙ ጥናቶች ለውጡን በሳተላይት ምስል በጥንቃቄ ይለካሉ። ከዚያ ውይይት ክፍል ላይ ሲደርሱ «ይህ የሆነው በሕዝብ ብዛት ነው» ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል። ሳተላይት የት እና ምን ያህል እንደሆነ ይነግራችኋል። ለምን እንደሆነ አይነግራችሁም። ለምኑን ለማወቅ የቤተሰብ ቃለ መጠይቅ፣ የገበያ ዋጋ፣ የሰፈራ መዝገብ ወይም የአዋጅ ታሪክ ያስፈልጋል። ሰንጠረዡን ሞልታችሁ ያንን ዓምድ ከላይ ወደ ታች ስታነቡ «ገምቷል» የሚለው ሲበዛ ታያላችሁ። የጥናት ክፍተታችሁን እዚያ አገኛችሁት ማለት ነው።

ሁለት ጥናቶች ተቃራኒ ነገር ሲናገሩ የትኛውን ልመን?

ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ፤ ጥሩ ሪቪው የሚጀምረው ከዚህ ስለሆነ ነው። አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንከተል።

ጌቴ ዘለቀና ሃንስ ሁርኒ በ2001 በጎጃም ደምበጫ አካባቢ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። የተፈጥሮ ደኑ በ1957 ከአካባቢው 27 በመቶ ነበር። በ1982 ወደ 2 በመቶ ወረደ። በ1995 ደግሞ 0.3 በመቶ ሆነ። በተመሳሳይ ጊዜ የእርሻ መሬቱ ከ39 በመቶ ወደ 77 በመቶ አደገ። አንብባችሁ ስትጨርሱ ልብ ይሰብራል።

በዓመቱ፣ በ2002፣ ወልደአምላክ በውቀት በዚያው መጽሔት ላይ የጨሞጋን ተፋሰስ ጥናት አወጣ። ጨሞጋ ደብረ ማርቆስ አጠገብ ነው፣ ያም ጎጃም ነው። ጥናቱ እሱም በ1957 ከተነሱት የአየር ፎቶግራፎች ተነስቶ እስከ 1998 ይሄዳል። ውጤቱ ግን የደን ሽፋን በዓመት በአማካይ 11 ሄክታር ገደማ ጨመረ የሚል ነው።

ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ ሲደርስ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ አንዱን ደብቆ ሌላውን ይጠቅሳል። ወይ «ተመራማሪዎች አይስማሙም» ብሎ ያልፋል። ሁለቱም አይጠቅሙም። ወደ ሰንጠረዡ ተመለሱና ዓምድ በዓምድ አስተያዩአቸው።

መነሻ ዓመቱ አንድ ነው። ሁለቱም ደጋ ናቸው፣ ክፍለ ሀገሩም አንድ ነው። ልዩነቱ «ደን» የሚለው ዓምድ ላይ ነው። ከላይ የጠቀስኩት የደምበጫው ቁጥር የተፈጥሮ ደንን ብቻ ይመለከታል። የጨሞጋው ጭማሪ ግን በአብዛኛው ሰዎች የተከሉት ዛፍ ነው። በጎጃም የተከሉት ዛፍ ሲባል ባሕር ዛፍ ይመጣል፤ በየቤቱ ጓሮ፣ በየማሳው ጠርዝ።

ስለዚህ ሁለቱ ጥናቶች አይጋጩም። የተለያየ ነገር ቆጠሩ። ጥድና ወይራ ያለቀበት አገር በባሕር ዛፍ ሊሸፈን ይችላል፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ እውነት ናቸው። ስለ ምክንያትም አንድ ነገር ይነግሩናል። ማገዶና የቤት ማገር ሲጠፋ የተፈጥሮ ደን ላይ የሚዘምተው ገበሬ፣ ዛፉ የራሱ እንደሚሆን ካመነ ደግሞ ይተክላል። ይህን የመጨረሻውን ሐሳብ እንደ ግምት ጻፉት፤ ሁለቱ ጥናቶች ብቻቸውን አያረጋግጡትም። ግን ቀጥላችሁ የምታነቡትን ይጠቁማችኋል፦ የዛፍ ባለቤትነት፣ የእንጨት ዋጋ።

እንዲህ ዓይነቱን ጥንድ በወረቀታችሁ አንድ ሙሉ ንዑስ ክፍል ስጡት። ሌላው ክፍል ቢያጥር ግድ የለም።

«በ1900 ኢትዮጵያ 40 በመቶ ደን ነበራት» የሚለውን መግቢያዬ ላይ ላድርገው?

እንደ እውነታ አታድርጉት። ከትምህርት ቤት ጀምሮ የሰማነው ስለሆነ ሁላችንም እናምነዋለን። ግን በዚያ ዘመን የአገሪቱን ደን የለካ ቅኝት አልነበረም። ጄምስ ማካን በ1997 ባወጣው ጽሑፍ ይህ ታሪክ ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ እየተገለበጠ እንዴት እውነት እንደሆነ ጠይቋል። ዶናልድ ክራሚ ደግሞ በ1998 ስለ ወሎ ጻፈ። በ1937 የተነሱ ፎቶግራፎችን ይዞ ያው ቦታ ላይ ሄዶ አነጻጸረ። ያገኘው ዛፍ ከቀድሞው የበዛባቸው ቦታዎችን ነው።

ይህ ማለት ደን አልጠፋም ማለት አይደለም። ደምበጫን አይተናል። የሰሜኑ ደጋ ግን ከ1900 በፊት ብዙ መቶ ዓመታት ታርሷል። ጭፍጨፋው በሙሉ ባለፈው መቶ ዓመት እንደተፈጸመ አድርጎ መጻፍ ምክንያቱን ያዛባል። ጥፋቱ ቅርብ ነው ከተባለ ተጠያቂው የዛሬው ገበሬ ይሆናል። ጥፋቱ የቆየ ከሆነ ግን ታሪኩ የመሬት ሥሪትና የረጅም ዘመን እርሻ ታሪክ ነው።

ከቁጥሩ ጋር የሚያያዝ ሌላም ነገር አለ። ኢትዮጵያ በ2015 የደን ትርጓሜዋን ቀየረች። አሁን ደን የሚባለው ቢያንስ ግማሽ ሄክታር የሆነ፣ ዛፉ 2 ሜትር የደረሰ፣ ጥላው 20 በመቶ የሸፈነ ነው። የፋኦ ትርጓሜ 5 ሜትርና 10 በመቶ ነው። በአዲሱ ትርጓሜ የአገሪቱ የደን ሽፋን ወደ 15 በመቶ አካባቢ ሆነ፤ ድሮ ግን 3 በመቶ ሲባል እንሰማ ነበር። ደኑ አምስት እጥፍ አላደገም። በቆላው ያለው ቁጥቋጧማ ደን ተቆጠረ። ስለ ደጋ የምትጽፉ ከሆነ ይህ አገራዊ ቁጥር ስለ ርዕሳችሁ ብዙም አይነግራችሁም። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርጋችሁ «ደኑ አገገመ» የምትሉ ከሆነ ግን ከባድ ስህተት ነው።

የሕዝብ ቁጥር መጨመር ዋናው ምክንያት ነው ብዬ መደምደም እችላለሁ?

የሕዝብ ቁጥር ይገባበታል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ደምበጫም ጨሞጋም ሕዝቡ ጨምሯል፤ የዛፉ ነገር ግን ሁለት ዓይነት ሆኗል። ሁለት መስመሮች ግራፍ ላይ አብረው መሄዳቸው አንዱ ሌላውን እንደወለደ አያሳይም።

ደቡብ ምዕራብን ተመልከቱ። በ1984ቱ ድርቅ ማግስት መንግሥት ከሰሜን ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው አሰፈረ፤ ብዙው የሄደው ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ነው። በ2003 የተጀመረው ሌላው የሰፈራ ፕሮግራምም አለ። በነዚያ ወረዳዎች የሕዝብ ቁጥር ጨመረ ስትሉ፣ የጨመረው በወሊድ ብቻ አይደለም፤ በውሳኔም ነው። ታዲያ ምክንያቱ ሕዝብ ነው ወይስ ፖሊሲ? መልሱ ሰንሰለቱን መጻፍ ነው፦ ድርቅ፣ የሰፈራ ውሳኔ፣ አዲስ መንደር፣ የእርሻ ምንጣሮ። ሰንሰለቱን ስትጽፉ እያንዳንዱን ማያያዣ የትኛው ጥናት እንዳሳየው ጎኑ ላይ አስቀምጡ። ማያያዣ የሌለው ቦታ ካገኛችሁ ክፍት ተዉትና ክፍት መሆኑን ተናገሩ።

አደራ፣ ሰፋሪዎችን ወይም አንድን ብሔረሰብ ጥፋተኛ የሚያደርግ ቋንቋ እንዳይገባባችሁ። ነባሩ ሕዝብ በእንሰት፣ በማርና በቡና ከደኑ ጋር ይኖር ነበር፤ የመጣው ደግሞ የለመደው እህል ማረስን ነው። ሁለቱም ያደረጉት የሚያውቁትን ነው።

ቡና ደን ያጠፋል ወይስ ይጠብቃል?

ሂላንደርና ባልደረቦቹ በ2013 ያሳተሙት ጥናት እዚህ ላይ በጣም ይጠቅማል። በቦንጋ ዙሪያና በጎማና ጌራ በኩል ከ1973 እስከ 2010 ያለውን የደን ለውጥ በከፍታ ለይተው አዩ። ቡና በሚበቅልበት በ1800 ሜትር አካባቢ የጠፋው ደን ከ10 እስከ 20 በመቶ ነበር። ቡና በማይሆንበት ከ2300 እስከ 2500 ሜትር ግን ከ40 እስከ 50 በመቶ ጠፍቷል።

ንድፉን ልብ በሉ። በእያንዳንዱ አካባቢ ውስጥ ዘመኑ አንድ ነው። የሚለየው ከፍታው ነው፤ ከፍታው ደግሞ ቡና መኖር አለመኖሩን ይወስናል። ለዚህ ነው ምክንያትን ከሚገምቱ ጥናቶች የሚሻለው። ፍጹም ግን አይደለም። በከፍታ የሚለየው ቡና ብቻ አይደለም፤ ገብስና ከብት ከፍ ሲባል ይበዛሉ። ይህን ራሳችሁ አስተውላችሁ ብትጽፉ መምህራችሁ ደስ ይለዋል።

ሌላው ወገን አይቅር። የቡናው እንክብካቤ ሲጠነክር ከሥሩ ያለው ቁጥቋጦ ይመነጠራል፣ ቅርንጫፉ ይሳሳል፣ የተወሰኑ የጥላ ዛፎች ብቻ ይቀራሉ። ከላይ ሲታይ ደን ነው። ከውስጥ ግን ችግኝ የለውም። ይህን የደን መመናመን እንለዋለን፤ ከጭፍጨፋ ለይታችሁ ሌላ ንዑስ ርዕስ ስጡት። ቀላቅላችሁ ከጻፋችሁ ቡና ጠባቂም አጥፊም ሆኖ አንባቢው ይደናገራል።

ዓለም አቀፍ የደን ካርታዎችን በማስረጃነት ልጠቀም?

በጥንቃቄ። በ2013 የወጣው የሃንሰንና ባልደረቦቹ ካርታ ቁመቱ ከ5 ሜትር በላይ የሆነውን ዛፍ ሁሉ ይቆጥራል። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ኪሳራ፣ ሲያድግ የዛፍ ሽፋን ነው። ለደጋችን ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ከርቲስና ባልደረቦቹ በ2018 ያወጡት የምክንያቶች ካርታ ደግሞ ዓለምን በ10 ኪሎ ሜትር ካሬዎች ከፍሎ ለእያንዳንዱ አንድ ዋና ምክንያት ይሰጣል። በደጋ አንድ ካሬ ውስጥ እንሰት፣ የቡና ደን፣ የገብስ ማሳና ገደል አብረው ይገኛሉ። እነዚህን ለመግቢያ እንጂ ለድምዳሜ አታድርጓቸው።

አንድ አንቀጽ ምን መምሰል አለበት? አሳዩን።

በተደጋጋሚ የማየው ዓይነት ይህ ነው፦

«ጌቴና ሁርኒ (2001) በደምበጫ ደን እንደቀነሰ አገኙ። ወልደአምላክ (2002) በጨሞጋ ደን እንደጨመረ አገኘ። ሂላንደርና ሌሎች (2013) ቡና ደንን እንደሚጠብቅ አገኙ።»

ሦስቱም ዓረፍተ ነገር እውነት ነው። አንቀጹ ግን ምንም አይልም። አሁን ይህን አንብቡ፦

«በኢትዮጵያ ደጋዎች ዛፍ የሚተርፈው ለገበሬው በቀጥታ ገቢ ወይም ጥቅም በሚሰጥበት ቦታ ይመስላል። በደቡብ ምዕራብ ቡና በሚበቅልበት ከፍታ የጠፋው ደን ቡና ከማይበቅልበት ያነሰ ነው (ሂላንደርና ሌሎች 2013)። በጎጃም ደግሞ የተፈጥሮ ደን እየጠፋ ሳለ (ጌቴና ሁርኒ 2001) የተተከለ ዛፍ የጨመረበት ተፋሰስ አለ (ወልደአምላክ 2002)። ይሁን እንጂ በሁለቱም ቦታ የተረፈው ወይም የጨመረው ዛፍ ከጥንቱ ደን በዓይነቱ ይለያል፤ ጥናቶቹም የገበሬውን ውሳኔ በቀጥታ አልለኩም።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የእናንተ ነው፣ የማንም ጥናት አይደለም። ከዚያ ማስረጃ፣ ከዚያ ገደብ ይመጣል። ጸሐፊዎቹ በቅንፍ ውስጥ ናቸው፤ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ሐሳቡ ነው። እያንዳንዱን አንቀጽ ከጻፋችሁ በኋላ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገሮቹን ብቻ አውጥታችሁ ተከታትላችሁ አንብቧቸው። አንድ ክር ይዘው ከሄዱ ወረቀቱ ተዋቅሯል።

ገጹን እንዴት ላካፍለው?

አሥራ ሁለት ገጽ ካላችሁ፣ አካባቢውና ትርጓሜዎቹ አንድ ተኩል ገጽ ይውሰዱ። ምን ያህል ደን ጠፋ የሚለው ሁለት። ቀጥተኛ ምክንያቶች ሁለት ይበቃቸዋል፤ ብዙም አከራካሪ አይደሉም። ገፊ ምክንያቶችና ሰንሰለታቸው አራት። ጥናቶቹ የሚለያዩበት ነጥብ አንድ ተኩል። የቀረው አንድ ገጽ ለክፍተቱ ነው።

የጥናት ክፍተቱን ስጽፍ «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ብል ይበቃል?

አይበቃም። የትኛው ጥናት፣ የት፣ በምን መረጃ? ሰንጠረዣችሁን ክፈቱ። ከላይ ካነሳናቸው ብቻ እንኳ አንድ ክፍተት ይወጣል። የቡናው ጥናት ዝቅ ያለውን ከፍታ ከከፍተኛው ጋር አነጻጽሯል። ግን ከ2300 ሜትር በላይ ያለውን ደን የመነጠረው ገበሬ ለምን እንደመነጠረ ለማወቅ እሱን ማነጋገር ያስፈልጋል። ስለዚህ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «በቦንጋ ዙሪያ ከቡና መስመር በላይ በሚገኙ ቀበሌዎች፣ ደኑ መቼ እንደተመነጠረ የሚያሳዩ የሳተላይት ምስሎችን ከቤተሰብ ቃለ መጠይቅ ጋር የሚያገናኝ ጥናት ምንጣሮው ከገብስ እርሻ፣ ከግጦሽ ወይም ከአዲስ ሰፈራ ጋር መያያዙን ሊለይ ይችላል።»

ቦታው ታውቋል፣ ዘዴው ታውቋል፣ የሚለዩት ሦስት መልሶችም ታውቀዋል። አራተኛ ዓመት ስትደርሱ ይህ ዓረፍተ ነገር የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርዕስ ሊሆን ይችላል።